የብርጭቆና ሹካው ሥዕል፣ ባለ ቁጥሩ ሦስት ማዕዘንና የማይክሮዌቭ መስመሮች፦ የትኛው ነው ስለ ምግብ የሚናገረው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። ዶሮ ወጥ የማስቀምጥበት ምሳ ዕቃ ሥር የብርጭቆና ሹካ ሥዕል፣ ሦስት የተጣመሙ መስመሮችና 5 የተጻፈበት ሦስት ማዕዘን አለ። ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ስለሆነ ትልልቅ ነጭ ባልዲ ከሥራ ያመጣል፤ እነሱ ላይ ደግሞ 2 የተጻፈበት ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው ያለው። ጓደኛዬ «2 እና 5 ከሆነ ለምግብ ይሆናል» አለችኝ። ባልዲውን በደንብ አጥቤ የእንጀራ ሊጥ ባቦካበት ምን ይላሉ? ምሳ ዕቃውንስ ከነወጡ ማይክሮዌቭ ውስጥ ባስገባው ችግር አለው?

መልስ፦

አጭሩን ላስቀድም። ባልዲው ውስጥ ሊጥ አያቡኩ፤ ምንም ያህል ቢታጠብ። ምሳ ዕቃው ለምግብ የተሠራ ስለሆነ ወጥ አስቀምጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያቆዩበት ችግር የለውም። ዶሮ ወጡን ሲያሞቁ ግን ወደ ሸክላ ወይም ወደ ብርጭቆ ሣህን ይገልብጡት። ሥራዬ ምግብ የሚነኩ ዕቃዎችን ላቦራቶሪ ውስጥ መመርመር ነውና ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ፤ ነገ ሌላ ዕቃ እጅዎ ሲገባ ሥሩን ገልብጠው ራስዎ እንዲያነቡት።

ጓደኛዎ ያለችውን ብዙ ሰው ስለሚለው ከቁጥሩ እጀምራለሁ። ከ1 እስከ 7 ያሉትን ባለ ሦስት ማዕዘን ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣቸው የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። የታሰቡትም ወጥ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሳይሆን ያገለገለ ፕላስቲክ ለሚለይ ሠራተኛ ነበር። ሠራተኛው ቁጥሩን አይቶ ዕቃው ከየትኛው የፕላስቲክ ዓይነት እንደተሠራ ያውቅና ከመሰሎቹ ጋር ይደረድረዋል። 1 የውሃ ሃይላንድ የሚሠራበት ፔት ነው፤ 2 ጠጣር ፖሊኤቲሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፖሊስታይሪን ነው። 7 ደግሞ «ሌላ» ማለት ብቻ ነው፤ ከቀደሙት ስድስቱ ያልሆነው ሁሉ እዚያ ይገባል። ቁጥሩ የሚለው ይኼንኑ ነው። በከተማዎ ዕቃው ዳግም ለምርት እንደሚውል እንኳ አያረጋግጥም። በ2013 የአሜሪካ ደረጃ አውጪዎች ሦስት ማዕዘኑ የተሠራባቸውን ተሳዳጅ ቀስቶች በተራ ሦስት ማዕዘን የተኩትም ሰዉ ቁጥሩን እንደ ቃል ኪዳን ስለወሰደው ነው።

ታዲያ የጓደኛዎ አባባል ከየት መጣ? ሥር አለው። የወተት ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ከ2 ይሠራል፤ የእርጎ ዕቃና የምሳ ዕቃ ደግሞ ከ5። ሁለቱም ከምግብ ጋር ተስማምተው የሚኖሩ የፕላስቲክ ዓይነቶች ናቸው። ግን የሞተር ዘይት የሚሸጥበትን ዕቃ ሥሩን ገልብጠው ቢያዩት እሱም 2 ነው። የበረኪናውም ጠርሙስ እንዲሁ 2 ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ለሕፃን ወተት የተሠራ ነው፣ ሌላው ለሞተር። ልዩነቱን ቁጥሩ ሊነግርዎት አይችልም፤ ምክንያቱም ልዩነቱ ያለው በፕላስቲኩ ስም ላይ ሳይሆን ከፕላስቲኩ ጋር በተቀላቀለው ነገር ላይ ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ባልዲ ሲሠራ ወደ ማሽኑ የሚገባው ንጹሕ ፖሊኤቲሊን ብቻ አይደለም። ነጭ እንዲሆን ማቅለሚያ ይገባል፤ ሙቀትና ፀሐይ እንዳያሰነጥቀው መከላከያ ይጨመራል፤ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ ማለስለሻ ይደረጋል። ወጪ ለመቀነስ ደግሞ ያገለገለ ፕላስቲክ ተፈጭቶ ሊገባ ይችላል፤ ያ ፕላስቲክ በፊት ምን ይዞ እንደነበረ ማንም አይጠይቅም። ባልዲው የሚሠራው ለቀለም ስለሆነ ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነው፤ ፋብሪካው ያጠፋው ነገር የለም። ለምግብ የሚሠራ ባልዲ ግን የሚገቡበት ጭማሪዎች ለምግብ ዕቃ የሚሆኑ መሆን አለባቸው፤ ወደ ምግብ የሚሸጋገረውም መጠን ተለክቶ ከገደቡ በታች መሆኑ መታየት አለበት።

የእርስዎ ባልዲ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ፤ ቀለም ይዞበት ኖሯል። በውሃ የሚቀጥኑ የግድግዳ ቀለሞች ታሽገው ሲቀመጡ እንዳይበላሹ ፀረ ተሕዋስያን ይጨመርባቸዋል። በብዛት የሚገቡት ኢሶቲያዞሊኖን የሚባሉት ሲሆኑ የቆዳ አለርጂ በማስከተል ይታወቃሉ። ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ ድፍን አይደለም። ለወራት የነካውን ነገር ጥቂት ጥቂት እያደረገ ወደ ውስጡ ይመጠዋል፤ በኋላም ሌላ ነገር ሲገባበት ቀስ እያለ ይመልሳል። ሳሙናና ሙቅ ውሃ የሚያጥቡት ገጹን ብቻ ነው። ይህን በአፍንጫ ማረጋገጥ ይቻላል፦ የታጠበውን ባልዲ ክዳኑን ገጥመው አንድ ሌሊት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ያቆዩትና ጠዋት ሲከፍቱት ወዲያው ያሽትቱት። የቀለም ሽታ ከመጣ ግድግዳው ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ ማለት ነው። ሽታ ባይኖረውም ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙው ነገር ሽታ የለውም።

አሁን የእንጀራ ሊጥ ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ ያስቡት። ውሃ የበዛበት ነው፤ ሲቦካ ይኮመጥጣል፤ ባልዲው ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ እርሾው እንዲሠራም ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ ተጋግሮ ሲያልቅ ባልዲው ሳይውል ሳያድር እንደገና ይሞላል። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ክፉኛ የምንፈትነው እንዲህ ያለውን አጠቃቀም ነው፦ ኮምጣጣ፣ ረጅም ሰዓት፣ ተደጋጋሚ።

ወደ ብርጭቆና ሹካው እንምጣ፤ ከሦስቱ ምልክቶች ስለ ምግብ የሚናገረው እሱ ብቻ ነውና። ሥዕሉ በአውሮፓ ሕግ የተወሰነው በ1980 ነው፤ ዛሬ የሚገኘው በ2004 በወጣው 1935/2004 በተባለው ደንብ ውስጥ ነው። ትርጉሙ «ይህ ዕቃ ምግብ እንዲነካ ታስቦ የተሠራ ነው፣ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ጤና የሚጎዳ፣ የምግቡን ይዘት የሚለውጥ ወይም ጣዕምና ሽታውን የሚያበላሽ ነገር አይሸጋገርበትም» ነው። በሥዕሉ ፋንታ «ለምግብ ንክኪ» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ በሕጉ ፊት እኩል ናቸው።

ይህን ምልክት የሚሰጥ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የለም። አምራቹ ወይም አስመጪው በራሱ ኃላፊነት ያትመዋል፤ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ገበያ ላይ ካለው ናሙና እያነሱ ይመረምራሉ። ስለዚህ ምልክቱ የአምራቹ ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ በሰነድና በምርመራ ውጤት መደገፍ አለበት። ቃል የሚያጥፉም አሉ። «ከቀርከሃ የተሠራ» እየተባሉ ሲሸጡ የነበሩ ኩባያዎች በእርግጥ የቀርከሃ ዱቄት የተጨመረበት ሜላሚን ፕላስቲክ ነበሩ፤ የአውሮፓ ኮሚሽን ከአባል አገሮች ጋር ሆኖ በ2021 ከገበያ ለማስወጣት ዘመቻ አድርጓል። ምልክቱ ላይ የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስምና አድራሻ አብሮ መኖሩን የምመለከተው ለዚህ ነው። ሕጉ ይህንንም ይጠይቃል፤ ሥዕሉ ኖሮ ስም የሌለበትን ዕቃ እኔ አልገዛም።

ሕጉ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነጥብ አለ፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን ቁልፉ እሱ ነው። ለምግብ መሆኑ በቅርጹ ግልጽ የሆነ ዕቃ ምልክቱን የመያዝ ግዴታ የለበትም። ማንኪያ፣ ሹካ፣ የወይን ብርጭቆ ለምን እንደተሠሩ ማንም አይስትም። ስለዚህ ማንኪያ ላይ ሥዕሉ ባይኖር ምንም ማለት አይደለም። ባልዲ ግን ባልዲ ነው፤ ወለል ለማጠብም፣ ኖራ ለመበጥበጥም፣ ሊጥ ለማቡካትም ይሆናል። እንዲህ ያለውን ባዶ ዕቃ ለምግብ ብሎ የሚሸጥ ሰው ይህንኑ በሥዕሉ ወይም በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ስለዚህ ባዶ ባልዲ ሲገዙ ሥዕሉም ጽሑፉም ከሌለ አምራቹ «ለምግብ ነው» አላለም ማለት ነው። ከሕንፃ ዕቃ መሸጫ የተገዛ ፍጹም አዲስ፣ ቀለም ያልነካው ባልዲም በዚሁ ይወድቃል።

ብርጭቆና ሹካ ያለበት ዕቃስ ሁሉን ይችላል ማለት ነው? አይደለም። ምልክቱ «እንዴት ባለ ምግብ፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ሙቀት» የሚለውን አይነግርዎትም፤ ምርመራው ግን የሚደረገው በትክክል በእነዚህ በሦስቱ ነው። የፕላስቲክ ዕቃ ሲመጣልን እውነተኛ ወጥ አንጨምርበትም፤ የምግቡን ጠባይ የሚወክል ፈሳሽ እንጨምርበታለን። ለኮምጣጣ ምግብ 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ለስለስ ያለ ኮምጣጤ፣ ለቅባት ደግሞ የአትክልት ዘይት። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ሙቀት እናቆየዋለን። ከዕቃው የወጣው ነገር በጠቅላላው ከ10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ገጽ ላይ ከ10 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ ለየንጥረ ነገሩ ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ የየራሱ ገደብ አለ። ተደጋግሞ የሚያገለግል ዕቃ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ይፈተናል።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ለሚቀመጥ ዕቃ የሚበቃው ፈተና 10 ቀን በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በክፍል ሙቀት ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ደግሞ 10 ቀን በ40 ዲግሪ ነው፤ ይህኛው ትኩስ ምግብ ለአጭር ጊዜ መቀበልን ያጠቃልላል፣ በ100 ዲግሪ ቢበዛ ለ15 ደቂቃ ያህል። የመጀመሪያውን ብቻ ያለፈ ዕቃና ከፍተኛውን የሙቀት ፈተና ያለፈ ዕቃ ሥራቸው ላይ ያለው የብርጭቆና ሹካ ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ያለው አብሮ በሚጻፈው መመሪያ ላይ ነው፦ «እስከ 70 ዲግሪ»፣ «ለቅባት ምግብ አይሆንም»፣ «ለማቀዝቀዣ ብቻ» የሚል። አብዛኛው ሰው ይህን ጽሑፍ ከካርቶኑ ጋር ይጥለዋል። ከመጣልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

አሁን የተጣመሙት መስመሮች። ማይክሮዌቭን የሚያመለክቱ ናቸው፤ ዓለም ሁሉ የተስማማበት አንድ ሥዕል ግን የለም። አንዱ አምራች ሦስት ሞገድ ይስላል፣ ሌላው ሣህን ከሞገድ ጋር፣ ሌላው የምድጃውን ሳጥን ራሱን። የሚመልሱት ጥያቄ ዕቃውን የሚመለከት ነው፦ ማይክሮዌቭ ውስጥ ቢገባ ይቀልጣል ወይ፣ ይጣመማል ወይ፣ ይሰነጠቃል ወይ፣ ሲያወጡት እጅ ያቃጥላል ወይ። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀው የምርመራ ደረጃም የሚለካው ዕቃው ሙቀቱን መቋቋሙን ነው። ከዕቃው ወደ ወጡ የሚገባውን የሚመለከተው ሌላ ምርመራ ነው፤ ያም ከብርጭቆና ሹካው ጀርባ ያለው ነው። ስለዚህ በማይክሮዌቭ ማሞቅ የሚፈልጉት ዕቃ ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይገባል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞላም።

የእርስዎ ምሳ ዕቃ ሁለቱንም ይዟል። ሩዝ፣ ድንች ወይም ቅባት የሌለው አልጫ ቢያሞቁበት አልቃወምም። ዶሮ ወጥ ግን የተለየ ነው፤ ቅቤ አለበት፣ በርበሬ አለበት፣ ሽንኩርቱ ወፍሮ ተቁላልቷል። ውሃ እስካለ ድረስ ምግቡ 100 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል፤ እየተነነ ስለሆነ ከዚያ አይዘልም። ቅቤ ግን እንደ ውሃ በ100 ዲግሪ አይተንም፤ ከዚያ በላይም መሞቅ ይችላል። ወጡ ሳይማሰል ሲሞቅ ቅቤው ወደ ላይ ይንሳፈፍና ከዕቃው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ይሰበሰባል፤ መረቁም እዚያው ዳር ዳር ደርቆ ይጣበቃል። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው ወደ 160 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ይለሰልሳል። ምሳ ዕቃው በሙሉ ደህና ሆኖ ሳለ ያ አንድ መስመር ብቻ ሊጎዳ ይችላል።

ጉዳቱን በጣት ማወቅ ይቻላል። ዕቃውን አጥበው ያድርቁትና ወጡ ይደርስበት የነበረውን ከፍታ በጥፍርዎ ይዳስሱት። ለስላሳ መሆን ሲገባው ትንንሽ ጉድጓድ ያለው፣ ነጣ ያለና ሻካራ ቀለበት ከዳሰሱ ፕላስቲኩ እዚያ ቦታ ላይ ገጹ ተቃጥሏል፤ ዕቃውን ለደረቅ ነገር ያውሉት። የበርበሬው ቅላት መቅረቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቀለሙ በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ቅቤው ተሸክሞ ወደ ፕላስቲኩ ያስገባዋል፤ የእርድ ቢጫም እንዲሁ። ያ ብቻውን አደጋ አይደለም፤ ግን ትኩስ ቅባትና ፕላስቲክ ሲገናኙ በሁለቱ መካከል ነገር እንደሚተላለፍ በዓይን ያሳየዎታል። ከወጡ ወደ ፕላስቲኩ የገባበት መንገድ ከፕላስቲኩ ወደ ወጡም ያስኬዳል።

ክዳኑን ለብቻው ያንብቡት። እቤቴ ያለ አንድ ምሳ ዕቃ ሥሩ 5 ሲሆን ክዳኑ 4 ነው፤ ሞገዶቹ የተሳሉት ደግሞ ሥሩ ላይ ብቻ ነው። 4 ለስላሳው ፖሊኤቲሊን ሲሆን ወደ 110 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ትኩስ ቅቤ ከተፈናጠረበት በቶሎ ይበላሻል። ሞገድ የሌለውን ክዳን አንሥተው ምግቡን በሣህን ይሸፍኑት።

ማሞቁን በተመለከተ፦ ወጡን ወደ ሸክላ ወይም ብርጭቆ ሣህን ገልብጠው፣ ኃይሉን መካከለኛ አድርገው፣ በየደቂቃው እያቆሙ ያማስሉት። እንቁላሉን አውጥተው ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ድፍኑን ቢያስገቡት ይፈነዳል። የሸክላ ሣህኑ ላይ ሞገድ ከሌለ ባዶውን ሣህን ከአንድ ኩባያ ውሃ ጋር አብረው ለአንድ ደቂቃ ያስገቡት። ውሃው ሞቆ ሣህኑ ቀዝቃዛ ከሆነ ይሆናል፤ ሣህኑ ራሱ ከጋለ አይሆንም። የወርቅ ወይም የብር ጠርዝ ያለውን ግን ለሙከራም አያስገቡት።

ሁለት ዕቃዎች በየቤታችን ስላሉ ሳልጠቅሳቸው አላልፍም። አንዱ ሜላሚን ነው፤ ሸክላ የሚመስል፣ ሲወድቅ የማይሰበር፣ ባለ አበባ ሣህን። ብርጭቆና ሹካ ይኖረዋል፤ ትክክልም ነው፤ ቀዝቃዛና ሞቅ ያለ ምግብ ያቀርቡበታል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አይግባ፤ ሲግል ሜላሚንና ፎርማልዴሃይድ ይለቃል። የጀርመን የአደጋ ምዘና ተቋም ከ70 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ይመክራል። ሌላው የእርጎ ባልዲ ነው። ምግብ ይዞ ስለሚሸጥ ሥዕሉን የመያዝ ግዴታ የለበትም፤ ለምግብ የተሠራ መሆኑ እርግጥ ነው። የተፈተነው ግን ለቀዝቃዛ እርጎ ነው፤ ከድስት የወጣ ትኩስ ሽሮ አይገልብጡበት። ሃይላንድም እንዲሁ ነው፤ ፔት ከ70 ዲግሪ ጀምሮ ስለሚለሰልስ አሁን የነጠረ ቅቤ ሲያፈሱበት ይኮማተራል። ቅቤው እስኪበርድ ይጠብቁ ወይም በብርጭቆ ማሰሮ ያስቀምጡት።

ለሊጡ የሚሆን ባልዲ ጀርመን ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። ቢራና ወይን እቤት ለሚጠምቁ ሰዎች ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችና የንብ አናቢዎች መደብሮች ከ10 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳን ያለው፣ ብርጭቆና ሹካ የታተመበት ባልዲ አላቸው። ለኮምጣጣ መጠጥ ጥንስስ የተሠራው ለሊጥም ይስማማል፤ ሁለቱም ኮምጣጣ ናቸው፣ ለቀናትም ይቆያሉ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶችዎ ከጠየቁዎት እዚያ የብርጭቆና ሹካ ግዴታ የለም፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩም ዕቃ ላይ የሚታተም ማኅተም አይሰጥም። ለምግብ ቤቶች ዕቃ ከሚያቀርብ ሱቅ ኤንኤስኤፍ የተባለው የምርመራ ድርጅት ምልክት ያለበትን መያዣ ቢገዙ ይሻላል፤ ለጠጅ መጣያም ያው ነው።

የገዙት ባልዲ ሥዕሉ ኖሮት መመሪያው ከጠፋብዎ ሥሩ ላይ ባለው ስም ለአምራቹ ይጻፉ። «ለምግብ ይሆናል ወይ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ «አዎ» ብቻ ይመልሱልዎታል። እንዲህ ይበሏቸው፦ «ኮምጣጣ የዱቄት ሊጥ፣ በ25 ዲግሪ፣ ለሦስት ቀን፣ በተደጋጋሚ ላቦካበት ነው፤ የተስማሚነት መግለጫችሁ ይህን ይሸፍናል ወይ? በየትኛው የመፈተኛ ፈሳሽ፣ ለስንት ቀን፣ በስንት ዲግሪ ነው የተፈተነው?» መልሱ ላይ 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ 10 ቀን በ40 ዲግሪ የሚል ካገኙ ሊጥዎን ያቡኩበት።